ድንጋዩ በአማካይ በምን ያህል ፍጥነት ወደቀ? የፈንክሽን አማካይ ዋጋ እና የኢንተግራል አማካይ ዋጋ ቲዎረም

የአምስት ተማሪዎችን የፈተና ውጤት አማካይ ለማግኘት ውጤቶቹ ተደምረው ለአምስት ይካፈላሉ። ይህ የሚሆነው ግን የሚደመሩት ነገሮች ተቆጥረው የሚያልቁ ሲሆኑ ነው። ከገደል አፋፍ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት እስኪነካ ድረስ ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ይለያያል፤ ቅጽበቶቹ ደግሞ ተቆጥረው አያልቁም። ስለዚህ “የድንጋዩ አማካይ ፍጥነት” ሲባል ምን ተደምሮ ለምን እንደተካፈለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቀላል። የአየር ሰበቃው ችላ ቢባል፣ የሚወድቅ አካል ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ለስሌት እንዲመች ይህ ቁጥር ወደ 10 ይጠጋጋ። ድንጋዩ ከተለቀቀ t ሰከንድ ሲያልፍ ፍጥነቱ v(t) = 10t ነው። ገደሉ 45 ሜትር ከሆነ መሬት ለመድረስ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በመጨረሻው ቅጽበት ፍጥነቱ 30 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል።

በመጀመሪያ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ ማብቂያ ላይ ብቻ ይለካ። የሚገኙት ቁጥሮች 10፣ 20 እና 30 ናቸው፤ አማካያቸውም 20 ነው። ይህ አማካይ ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ልኬቱ የተወሰደው ድንጋዩ በየሰከንዱ ውስጥ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ በደረሰበት ቅጽበት ነው። ልኬቱ በየግማሽ ሰከንዱ ቢወሰድ ስድስት ቁጥሮች ይገኛሉ፦ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30። አማካያቸው ወደ 17.5 ይወርዳል። በየአስረኛ ሰከንዱ ሲለካ 15.5፣ በየመቶኛ ሰከንዱ ሲለካ 15.05 ይሆናል። ልኬቱ እየተደጋገመ በሄደ ቁጥር ውጤቱ ወደ 15 ይጠጋል፤ ልኬቶቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ከ15 በታች አይወርድም። ልኬቱ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ቢወሰድ ኖሮ ደግሞ ከታች ተነስቶ ወደዚያው 15 ይወጣ ነበር። የአማካይ ዋጋ ትርጉም የተመሠረተው ሁለቱም ወገን በሚጠጉት በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ከዚህ ወደ ኢንተግራል የሚያሻግረው አንድ ትንሽ እርምጃ ነው። n ልኬቶች ተደምረው ለ n ሲካፈሉ፣ ላይኛውም ታችኛውም ቁጥር በሁለት ልኬቶች መካከል ባለው የጊዜ ርዝመት Δt ቢባዛ ውጤቱ አይለወጥም። ታች n × Δt ይሆናል፤ ይህም ጠቅላላው ጊዜ፣ በዚህ ምሳሌ 3 ሰከንድ ነው። ላይ የእያንዳንዱ ፍጥነትና የ Δt ብዜት ድምር ይሆናል፤ Δt እያነሰ ሲሄድ ይህ ድምር ኢንተግራሉ ጋ ይደርሳል። ከ a እስከ b ባለው ክልል ውስጥ የአንድ ፈንክሽን f አማካይ ዋጋ እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦

f_avg = (1/(b − a)) ∫[a,b] f(x) dx

በግራፍ ሲታይ ኢንተግራሉ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ነው። አማካይ ዋጋው ደግሞ በዚያው መሠረት ላይ ቆሞ ያንኑ ስፋት የሚይዘው ሬክታንግል ቁመት ነው። ከሬክታንግሉ አናት በላይ የተረፈው ስፋት ከአናቱ በታች የጎደለውን በትክክል ይሞላል። የድንጋዩ ፍጥነት ግራፍ መሠረቱ 3፣ ቁመቱ 30 የሆነ ጎነ ሦስት ነው። ስፋቱ 45 ይመጣል፤ ይህ 45 ድንጋዩ የወደቀበት ርቀት ራሱ ነው። 45 ለ3 ሲካፈል 15 ይሆናል።

ይህ የጎነ ሦስትና የሬክታንግል ንጽጽር ከኢንተግራል ይቀድማል፤ ያውም በብዙ። በኦክስፎርድ የመርተን ኮሌጅ ሊቅ የነበረው ዊልያም ሄይትስበሪ በ1335 በጻፈው ሥራ ደንቡን አስቀምጦት ነበር፦ ፍጥነቱ በእኩል መጠን እየጨመረ የሚሄድ አካል የሚሸፍነው ርቀት፣ በጊዜው አጋማሽ ላይ በነበረው ፍጥነት ሳይለዋወጥ ቢሄድ ኖሮ ከሚሸፍነው ርቀት ጋር እኩል ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም ጊዜን በአግድም መስመር፣ ፍጥነትን በቋሚ መስመር ሥሎ፣ የጎነ ሦስቱ ጫፍ ተቆርጦ ቢገለበጥ ሬክታንግሉን እንደሚሞላ አሳየ። የመርተን ሊቃውንት የሚያወሩት በሐሳብ ስለሚጨምር ፍጥነት እንጂ ስለሚወድቅ ድንጋይ አልነበረም። ጋሊልዮ ደንቡን ለሚወድቁ አካላት አውሎ በ1638 በታተመው መጽሐፉ አቀረበው።

እስካሁን የተለካው በሰዓት ነው። አሁን ሌላ ለኪ ይምጣ፤ እርሱ ሰዓት የለውም፤ በገደሉ ግድግዳ ላይ በየሜትሩ ምልክት አድርጎ ድንጋዩ በእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ሲያልፍ ያለውን ፍጥነት ይመዘግባል። ድንጋዩ y ሜትር ሲወድቅ ፍጥነቱ √(20y) ነው። በ5 ሜትር ላይ 10፣ በ20 ሜትር ላይ 20፣ በ45 ሜትር ላይ 30 ይመዘግባል። አማካይ ዋጋው በርቀት ሲሰላ፦

(1/45) ∫[0,45] √(20y) dy = (2/3) × 30 = 20

አንድ ድንጋይ፣ አንድ ውድቀት፤ በሰዓት ሲለካ አማካዩ 15፣ በሜትር ሲለካ 20። ከሁለቱ ለኪዎች የተሳሳተ የለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ውድቀቱ በሦስት ይከፈል። ድንጋዩ ከ0 እስከ 10 ባለው ፍጥነት ውስጥ አንድ ሰከንድ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ የሚወርደው 5 ሜትር ብቻ ነው። ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥም የሚቆየው አንድ ሰከንድ ነው፤ 15 ሜትር ይወርዳል። ከ20 እስከ 30 ባለው ደግሞ እንደገና በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይወርዳል። ሰዓት የያዘው ሰው ለሦስቱም እኩል ድርሻ ይሰጣል። ሜትር የሚቆጥረው ግን ከ45 ልኬቶቹ 25ቱን የሚያገኘው በፈጣኑ ክፍል ነው፤ ዝግተኛው ክፍል አምስት ልኬት ብቻ ይደርሰዋል። አማካዩ ወደ ላይ የተጎተተው በዚህ ነው።

ስለዚህ የፈንክሽን አማካይ ዋጋ ሲነገር አማካዩ በምን ላይ እንደተወሰደ አብሮ ካልተነገረ ንግግሩ ጎደሎ ነው። ስሕተቱ የሚታወቀው አማካዩ ለሥራ ሲውል ነው። 15 በ3 ሰከንድ ሲባዛ 45 ሜትር ይሰጣል፤ ልክ ነው። በሜትር የተገኘው 20 በ3 ሰከንድ ቢባዛ ግን 60 ሜትር ይወጣል፤ ገደሉ ግን ያን ያህል ጥልቀት የለውም። አማካይ መባዛት ያለበት እርሱ በተወሰደበት መጠን ነው። ጊዜንና ርቀትን በዚህ ቦታ ማምታታት የጀማሪ ድክመት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ጋሊልዮ ራሱ በ1604 በጻፈው ደብዳቤ የሚወድቅ አካል ፍጥነት ከወደቀበት ርቀት ጋር እኩል እንደሚያድግ አስቦ ነበር፤ ዕድገቱ ከጊዜው ጋር መሆኑን የተቀበለው ቆይቶ ነው።

ሁለቱ አማካዮች የሚገናኙበት መንገድም አለ። በሜትር የተወሰደው አማካይ፣ በጊዜ ተወስዶ ለእያንዳንዱ ቅጽበት እንደ ፍጥነቱ መጠን ክብደት የተሰጠው አማካይ ነው። በጣም አጭር በሆነ ጊዜ dt ውስጥ ድንጋዩ የሚያልፈው ርቀት v dt ስለሆነ፣ የፍጥነቱ ድምር ∫ v × v dt ይሆናል፤ የሚካፈለውም ለ ∫ v dt ነው። ከ0 እስከ 3 ሰከንድ ሲሰላ የላይኛው 900፣ የታችኛው 45 ነው፤ ውጤቱም 20። በአንድ ክፍል የተማሪዎች ውጤት ላይ የአንዱ ትምህርት ነጥብ እንደ ክሬዲቱ ሰዓት ሲመዘን የሚደረገውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ክብደቱ ራሱ ከቅጽበት ቅጽበት መለዋወጡ ነው።

አማካይ ዋጋ በስሌት የተገኘ ቁጥር ነው። ፈንክሽኑ ራሱ ያንን ዋጋ በአንድ ቦታ ላይ በእርግጥ ይይዛል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የሦስት ልጆች ዕድሜ 4፣ 5 እና 9 ቢሆን አማካዩ 6 ነው፤ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ከመካከላቸው የለም። የኢንተግራል አማካይ ዋጋ ቲዎረም የሚለው ፈንክሽኑ ሳይቆራረጥ የሚሄድ፣ ማለትም ቀጣይ ከሆነ እንዲህ ያለ ክፍተት እንደማይፈጠር ነው፦ f ከ a እስከ b ቀጣይ ከሆነ፣ በ a እና በ b መካከል

∫[a,b] f(x) dx = f(c) × (b − a)

የሚሆንበት ቢያንስ አንድ c አለ። ለድንጋዩ በሰዓት ሲለካ c = 1.5 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ፍጥነቱ ልክ 15 ነው። በሜትር ሲለካ c = 20 ሜትር ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ድንጋዩ በ1.5 ሰከንድ ላይ የወረደው 11.25 ሜትር ብቻ ነው፤ 20ኛው ሜትር ላይ የሚደርሰው በ2 ሰከንድ ነው።

ማረጋገጫው አጭርና ግልጽ ነው። ቀጣይ ፈንክሽን ከ a እስከ b ባለው ዝግ ክልል ውስጥ የሚደርስበት ዝቅተኛ ዋጋ m እና ከፍተኛ ዋጋ M አለው። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ቁመቱ m ከሆነው ሬክታንግል አያንስም፤ ቁመቱ M ከሆነው ሬክታንግል አይበልጥም። ሁሉም ለ b − a ሲካፈሉ አማካይ ዋጋው በ m እና በ M መካከል መውደቁ ይታያል። ቀጣይ ፈንክሽን ደግሞ ከ m ወደ M ሲሄድ በመካከላቸው ያለውን አንዱንም ዋጋ ሳይነካ አያልፍም፤ ስለዚህ አማካዩንም አንድ ቦታ ላይ ይነካዋል። ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለዓይን ግልጽ ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው አልታሰበም ነበር። የፕራጉ በርናርድ ቦልዛኖ በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ ግራፍን ሳይጠራ በቁጥሮች ብቻ ሊያረጋግጠው ተነሳ። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በ1823 በታተመው የካልኩለስ ትምህርቱ ኢንተግራልን ለቀጣይ ፈንክሽኖች ከድምር ተነስቶ ሲተረጉም፣ አማካይ ዋጋው በፈንክሽኑ ዋጋዎች መካከል መሆኑን ከመሠረቱ ጋር አያይዞ አስቀመጠ።

ቀጣይነቱ ከጎደለ ቲዎረሙ ይወድቃል። በወረቀት ላይ አንድ አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ቆሞ፣ ከዚያ ምንም ጊዜ ሳይፈጅ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግማሽ ሰዓት ቢሄድ አማካይ ፍጥነቱ 30 ነው፤ 30 ግን በአንድም ቅጽበት ፍጥነቱ አልነበረም። እውነተኛ አውቶቡስ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከ0 ወደ 60 ለመድረስ የግድ በ30 በኩል ያልፋል። የመንግሥት ታሪፍ፣ የደመወዝ እርከን፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ግን በእርግጥ ይዘላሉ፤ እንዲህ ላሉት አማካይ ይሰላል እንጂ አማካዩን የሚይዙበት ቅጽበት አይፈለግም።

ሁለተኛው ወሰን አቅጣጫን ይመለከታል። አንድ ሯጭ የ400 ሜትሩን መም አንድ ዙር ሮጦ የተነሳበት ቦታ ላይ ቢመለስ፣ አቅጣጫን የሚጨምረው አማካይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ በአጠቃላይ ከቦታው አልተንቀሳቀሰምና። ይሁን እንጂ በሩጫው መካከል ፍጥነቱ ዜሮ የሆነበት ቅጽበት የለም። ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ያለው የፍጥነቱ ድርሻ ለየብቻ ሲታይ እያንዳንዱ ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት አለው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቅጽበት ዜሮ አይሆኑም። ቲዎረሙ የሚሠራው በአንድ ቁጥር ለሚገለጽ መጠን ነው። ክብደት በተሰጠው አማካይም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቲዎረሙ የሚጸናው ክብደቱ ምልክቱን ሳይቀይር ሲቀር ነው። ድንጋዩ ወደ ላይ ተወርውሮ ወደ እጅ ቢመለስ፣ ሲወጣ አዎንታዊ ሲወርድ አሉታዊ የሆነው ፍጥነት እንደ ክብደት ከተወሰደ ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ የሚካፈልበትም ነገር አይኖርም።

ቲዎረሙ c መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን የመርተን ሊቃውንት እንዳሉት መካከል ላይ ነው። መስመሩ ሲታጠፍ c ከመካከል ይርቃል፦ x² ከ0 እስከ 1 ሲታይ አማካዩ 1/3፣ c ደግሞ 0.577 ገደማ ነው። ክልሉ ጠባብ ሲሆንና ፈንክሽኑ በዚያ ቦታ በግልጽ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ሲሄድ ግን c ወደ መካከሉ ይመለሳል፤ ያው x² ከ10 እስከ 11 ሲታይ c 10.504 አካባቢ ነው። አጭር የመስመር ቁራጭ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላልና።

መካከሉን ያለ ማጣራት መውሰድ በተግባር የሚያሳስተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በብዙ የአየር ጠባይ ጣቢያዎች የቀኑ አማካይ ሙቀት ሲመዘገብ የቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ፤ በየጊዜው የሚለካ መሣሪያ በሌለበት ይህ የሚገኘው ሁሉ ነውና። ሙቀቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል በእኩል መጠን የሚወጣና የሚወርድ ቢሆን ውጤቱ ከኢንተግራሉ ጋር ይገጥም ነበር። ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ ለአጭር ጊዜ ሹል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ከቆየ ግን የሁለቱ ጫፎች ግማሽ ድምር ከእውነተኛው አማካይ ይበልጣል። ለዚህ ማረሚያው በየሰዓቱ የተወሰዱ ልኬቶችን መደመርና ለ24 ማካፈል ነው፤ ይህም ኢንተግራሉን በድምር መጠጋት ነው። በሁለት ዓይነት ዘዴ የተመዘገቡ ዓመታት ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የአየሩ ሳይሆን የስሌቱ ሊሆን እንደሚችል መታወቅ አለበት።

የ c ቦታ አለመታወቅ ጉድለት የማይሆንበት፣ እንዲያውም ቲዎረሙ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅምበት ቦታ አንድ ነው፤ ኢንተግራልና ደሪቬቲቭ የሚገናኙበት። ድንጋዩ እስከ t ሰከንድ የወደቀበት ርቀት s(t) = 5t² ነው፤ ይህ የፍጥነቱ ኢንተግራል ነው። ከ2 ሰከንድ እስከ 2.1 ሰከንድ ባለው ጊዜ ድንጋዩ ከ20 ወደ 22.05 ሜትር ይወርዳል፤ 2.05 ሜትር ለ0.1 ሲካፈል 20.5 ይሰጣል። ከ2 እስከ 2.01 ሲሆን 20.05 ይሆናል። በእያንዳንዱ ጊዜ የተገኘው ቁጥር፣ ቲዎረሙ እንዳለው፣ በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ ባለ አንድ ቅጽበት c ላይ የነበረው ትክክለኛ ፍጥነት ነው። በአጠቃላይ፣ F(x) ማለት ከ a እስከ x ያለው የ f ኢንተግራል ከሆነ፦

(F(x + h) − F(x)) / h = f(c)

c ያለው በ x እና በ x + h መካከል ነው። የት እንዳለ በትክክል ማወቅ አያስፈልግም፤ h ወደ ዜሮ ሲጠጋ c ከ x በስተቀር የሚሄድበት ቦታ የለውም። f ቀጣይ ስለሆነ f(c) ወደ f(x) ይጠጋል፤ ስለዚህ የ F ደሪቬቲቭ f ራሱ ነው። የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም የሚባለው ይህ ነው።

እዚህም ቀጣይነቱ ሥራ ይሠራል። በወረቀት ላይ የነበረው አውቶቡስ የሸፈነው ርቀት ለግማሽ ሰዓት ዜሮ ሆኖ ይቆይና ከዚያ በየሰዓቱ በ60 ኪሎ ሜትር ያድጋል። በመነሻው ቅጽበት ከበስተኋላ የተወሰደው አማካይ 0፣ ከበስተፊት የተወሰደው 60 ነው፤ ክልሉ ምን ያህል ቢጠብ ሁለቱ አይገናኙም። የርቀቱ ግራፍ በዚያ ነጥብ ላይ ይሰበራል፤ ደሪቬቲቭም የለውም።